የቅሬ ገንዘብ ያዥ ሁኚ ተባልኩ፤ እምቢ ብዬ ሌላ እገዛ ማቅረብ እፈልጋለሁ

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ያለሁት ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። የሰፈራችን ቅሬ 120 አባወራ ገደማ አለው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነን። መዋጮው በወር 50 ብር ነው። ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ያዥ የነበሩት አባት ዓይናቸው ደከመና «ይብቃኝ» አሉ። ጠቅላላ ስብሰባው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ባለፈው ለቅሶ ቤት ዳኛችን ጠጋ ብለው «ሒሳብ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ስምሽን እናነሳለን» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ሰው መጣና ወሬው ተቋረጠ።

የምሠራው የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። የወር መጨረሻ ላይ አምሽቼ ነው የምወጣው። ልጆቼም ገና ትንንሾች ናቸው። ከሁሉም በላይ ሞት ሰዓት አይመርጥም። ሌሊት ሰው ቢሞት ገንዘብ ያዡ ነው በሩ የሚንኳኳው። እሱን አልችለውም። መዝገቡን በየሦስት ወሩ ማየት ግን እችላለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነም ይቀለኛል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሳላስቀይም እንዴት ልበል? ደግሞስ «ትንሽ እረዳለሁ» ብዬ ሙሉውን ሥራ ተሸክሜ እንዳልገኝ ምን ላድርግ?

ቧንቧ ውሃ

እህቴ፣ እሱ ነገር አስቸጋሪ ነው። ቅሬ ላይ ከተመረጥሽ እምቢ ማለት አይቻልም። ደንቡ ላይ ቅጣት አለው። የኛ ቅሬ አንዱን ቀጥቶታል። ስለዚህ ወይ ትገቢያለሽ ወይ ትቀጪያለሽ።

ከጅዳ

አብሽሪ እህቴ። ከቅሬ መውጣት ግን አይበጅሽም። እኔ ሰው አገር ሆኜ እንኳን አልወጣሁም፤ ወንድሜ ነው የሚከፍልልኝ። አባቴ ሲሞት ያቆመኝ ቅሬው ነው። ወላሂ በደንብ አስቢበት።

የሆጤዋ

@ከጅዳ አባትህን አላህ ይማራቸው። እኔ ግን ልውጣ አላልኩም። አባል ነኝ፣ እከፍላለሁ፣ ድንኳን ሲተከልም እሄዳለሁ። የማልፈልገው ገንዘብ ያዥነቱን ብቻ ነው።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ልጄ፣ እኔ እዚሁ ደሴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ላይ ነው ያረጀሁት። የሁለት ቅሬ መዝገብም አይቻለሁ። ላንቺ ከመመለሴ በፊት ቧንቧ ውሃ ላለው ልመልስ።

ቅጣት ያለበት ደንብ አለ፤ እውነቱን ነው። ግን ልብ በሉ። ብዙውን ጊዜ ቅጣቱ የሚመጣው ጉባኤው ከመረጠ በኋላ «አልሠራም» ላለ ሰው ነው። ስሙ ገና ሳይነሳ «አታንሱኝ» ያለ ሰው ሌላ ነው። ደግሞ የአንዱ ቅሬ ደንብ ለሌላው አይሠራም። ያንቺን ቅሬ የመተዳደሪያ ደንብ ከጸሐፊው ተቀብለሽ ስለ ምርጫ የሚለውን አንብቢ። ደንቡ ምንም ይበል ምን፣ ከስብሰባው በፊት መናገር ይሻላል። መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ስምሽ ተጠርቶ ሲጨበጨብ ተነስተሽ እምቢ ብትዪ ዳኛውን በሰው ፊት አዋረድሽ ማለት ነው። ቤታቸው ሄደሽ፣ ቡናቸውን ጠጥተሽ ብትነግሪያቸው ግን ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ሰጠሻቸው።

ሁለተኛው ነገር ምክንያት አታብዢ። ምክንያት በዘረዘርሽ ቁጥር መፍትሔ ይመጣልሻል። «ሥራ ይበዛብኛል» ስትዪ «እሑድ እሑድ ብቻ ነው» ይሉሻል። «ልጆቼ ትንንሾች ናቸው» ስትዪ «እኛ እንይዝልሻለን» ይሉሻል። «ሌሊት መነሳት አልችልም» ስትዪ «ሌሊቱን እኛ እንችላለን» ይሉሻል። ሦስቱንም ፈትተውልሽ ሲያበቁ እምቢ የምትዪበት ቀዳዳ አይኖርሽም። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ገንዘብ መያዙን አልቀበልም፤ ኃላፊነቱን በአግባቡ ልወጣው አልችልም።» ከዚያ ወዲያው ወደምትችይው ነገር እለፊ።

የኮምቦልቻ እናት

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። የኔን ልንገርሽ። የልጄ ትምህርት ቤት የወተመህ ጸሐፊ ሁኚ ሲሉኝ «ጸሐፊ አልሆንም፣ ግን የምችለውን ሁሉ እረዳለሁ» አልኩ። አንቺዬ! «የምችለውን ሁሉ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ቃለ ጉባኤ ጻፊልን፣ ደብዳቤ አትሚልን፣ ለወላጆች ደውዪልን። ጸሐፊ ተብሎ የተመረጠው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። እኔ ስም የለኝ፣ ሥልጣን የለኝ፣ ሥራው ግን የኔ ነው። ቃለ ጉባኤ ሲጠፋ የተወቀስኩትም እኔው ነኝ።

ወልድያ

ሰውዬው ሻይ ብቻ ነው የሚጠጣው? የኛ እንኳ ቂጣም ይጨምራል 😂

ሐይቅ ዳር

እኔ ግን ከሁላችሁም እለያለሁ። ሁሉም «አልችልም» ካለ ቅሬው በማን ይቁም? ዓይናቸው የደከሙት አባት እኮ ያለ ደመወዝ ነው ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉት። እሳቸውም ልጆች ነበሯቸው፣ እሳቸውም ሥራ ነበራቸው። የተማረው ሲሸሽ ያልተማረው ይሸከም ነው ነገሩ? ተማርን ስንል ለራሳችን ብቻ ነው?

የሆጤዋ

@ሐይቅ ዳር ቃልህ ይከብዳል፣ ግን እውነት አለው። ለዚህ ነው ባዶ እጄን እምቢ ማለት ያልፈለግኩት። ለመሆኑ አንድ ሰው ተሸክሞት ኖረ ማለት ሌላው እንደዚያው ይሸከመው ማለት ነው?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፣ አንድ ልጠይቅዎ። በየሦስት ወሩ መዝገቡን ልይላችሁ ብል ይበቃል? ወይስ የኦዲት ኮሚቴ ውስጥ ብገባ ይሻላል?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ሁለቱን አትቀላቅዪ። ኦዲተርነት ራሱ ሹመት ነው፤ በጉባኤ ይመረጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርት ያቀርባል። ደግሞ መዝገቡን አንቺው አስተካክለሽ አንቺው ኦዲተር ከሆንሽ የራስሽን ሥራ ራስሽ መረመርሽ ማለት ነው። ነገ አንድ ሰው ይህን ያነሳል፤ ቢያነሳም ትክክል ነው። አንዱን ምረጪ። ለኔ መዝገቡን ከደረሰኙና ከባንኩ ወረቀት ጋር ማስተያየቱ ይሻልሻል፤ ገንዘብ ያዡን ያግዛል፣ ኦዲተሮቹም ሥራቸው ይቀላል።

ማስተያየት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ፤ ለዳኛውም እንዲሁ አስረጃቸው። ያየሁት ነገር ነው፤ ቁጥሩን ለናንተ ቅሬ እንዲስማማ አድርጌዋለሁ።

በአንድ ወር ከ120 አባወራ 108ቱ ከፈሉ እንበል። የደረሰኙ ቀሪ፣ ማለትም ጥራዙ ላይ የሚቀረው ቅጂ፣ ሲደመር 5,400 ብር ይመጣል። ባንክ የገባው ግን 2,400 ነው። 3,000 የት ሄደ? ገንዘብ ያዡ አልሰረቀም። በዚያ ሳምንት የአባል እናት ሞተው ለሐዘንተኛው የሚሰጠውን 3,000 ከሰበሰበው ላይ ቆርሶ ሰጠና የተረፈውን ባንክ አስገባ። ሐዘንተኛው የፈረመበት ቁራጭ ወረቀት ኪስ ውስጥ ቀረ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ወደ ባንክ 2,400» ብቻ ነው። በጥር ስብሰባ አንዱ የደረሰኙን ቀሪ ከባንኩ ወረቀት ጋር ሲያስተያይ 3,000 ጎደለ። በቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ገንዘብ ያዥነትን ሰው የሚሸሸው ሥራው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሐሜት ስላለ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የተሰበሰበው ሁሉ ሳይቆረስ ባንክ ይግባ። ለድንገተኛ ለቅሶ ገንዘብ ያዡ እጅ ላይ የተወሰነ ብር ይቀመጥ፤ 5,000 ይሁን። ከዚያ ለሐዘንተኛ 3,000 ሲሰጥ 2,000 ብርና የ3,000 ፊርማ ያለበት ወረቀት ይኖረዋል። ብሩና ወረቀቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 5,000 መምጣት አለባቸው። በወረቀቱ ልክ ከባንክ ወጥቶ ይተካለታል። ድምሩ 5,000 ካልመጣ የዚያኑ ቀን ይታወቃል፤ ዓመት አይቆይም።

አንቺ በየሦስት ወሩ የምታዪው ይህንን ነው። የደረሰኙ ቀሪ በተራ ቁጥሩ ሙሉ ነው ወይ፤ የተቀደደና የጠፋ ቁጥር አለ ወይ። ድምሩ ከመዝገቡ ጋር፣ የመዝገቡ ደግሞ ከባንኩ ወረቀት ጋር ይገጥማል ወይ። ልዩነት ካለ በአንድ ገጽ ትጽፊና ለኮሚቴው ትሰጫለሽ። ማብራሪያው ከገንዘብ ያዡ ነው የሚመጣው፤ ካንቺ አይደለም።

ቧንቧ ውሃ

የኛ ቅሬ ገንዘብ ያዥ ብሩን ቤቱ ነው የሚያስቀምጠው፤ ባንክ የሚባል የለም። እሱ ታማኝ ስለሆነ ችግር አልገጠመንም።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ታማኝነቱን አልጠራጠርም። ግን ቤቱ ቢቃጠል ወይ ሌባ ቢገባ ታማኝ መሆኑን በምን ያስረዳል? ባንኩ እሱንም ይጠብቀዋል።

የኮምቦልቻ እናት

ጋሼ፣ ያሉት ጥሩ ነው፤ ግን የኔ ስጋት ሌላ ነው። ይህች ልጅ ሒሳብ ስለምታውቅ ልዩነት ሲገኝ «አንቺው ፈልጊው» ይሏታል። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረች ማን ከፈለ ማን አልከፈለ ልትጠይቅ ነው። የት ላይ እንደሚያበቃ ቀድማ ካልተናገረች እንደኔ ትሆናለች።

እኔ ብሆን ዳኛውን እንዲህ እላቸው ነበር፦

«ጋሼ፣ ስሜን ለማንሳት ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ያዥነቱን ግን አልቀበልም፤ በስብሰባውም ስሜ እንዳይነሳ እለምንዎታለሁ። በምትኩ አንድ ነገር አደርጋለሁ። እስከሚቀጥለው ጥር ድረስ በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት ደረሰኙን፣ መዝገቡንና የባንኩን ወረቀት አስተያይቼ አንድ ገጽ ጽፌ እሰጣችኋለሁ። ገንዘብ አልሰበስብም፣ ገንዘብ አልይዝም፣ ባንክ አልፈርምም። ወረቀቶቹን ገንዘብ ያዡ አሰናድቶ ይጠብቀኛል።»

የመጨረሻዋ አትርሺ። ወረቀቶቹን አሰናድቶ የሚጠብቅሽ እሱ ነው፤ አንቺ ሄደሽ የምትለቅሚ አይደለሽም።

ሐይቅ ዳር

«እለምንዎታለሁ» ማለቱስ ጥሩ ነው። ግን «አልሰበስብም፣ አልይዝም፣ አልፈርምም» ተደርድሮ ሲሰማ ይከብዳል። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይባላል? ወረቀት ላይ ያምራል፤ አፍ ላይ ግን ድርቅ ያለ ነው።

የኮምቦልቻ እናት

አንተ ባልከው ለስልሶ ሲነገር ነው እኔ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያተምኩት።

ወልድያ

እኔ ሁለታችሁንም እስማማለሁ። ፊት ለፊት ስታወራቸው በለሰለሰ ቃል ትንገራቸው። በኋላ ለጸሐፊው ሦስቱንም በግልጽ የያዘ አጭር ወረቀት ትስጠው። ሽማግሌው አይከፋቸውም፤ ነገሩም አይጠፋም።

የሆጤዋ

ሄጄ ተመለስኩ። ትላንት ከሰዓት ዳኛችን ቤት ነበርኩ። እናታችን ቡና አፍልተው ነበር፤ በአቦሉ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ነው ያወራነው። ቶናው ላይ ነው የገባሁበት። ወልድያ እንዳልከው ለስላሳ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን ለጸሐፊው እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ምነው ልጄ፣ እኛ አንቺን ተማምነን» አሉ። ምክንያት አልጨመርኩም። «ልወጣው አልችልም፤ ግን ይህንን አደርጋለሁ» ብዬ የ3,000ውን ምሳሌ ነገርኳቸው። እሱ ላይ ፊታቸው ተለወጠ። ለካ ባለፈው ዓመት ልክ እንዲህ ያለ ወሬ ተነስቶ ነበር። አባትየው ይብቃኝ ያሉትም በዓይናቸው ብቻ አልነበረም።

የ5,000ውን ነገር ወደዱት። ግን መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «እሺ፣ ሌላ ሰው እስክናገኝ ለሁለት ለሦስት ወር ብቻ ያዢልን። ለጊዜው ነው።» መልስ ነገ እሰጥዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። ሦስት ወር ብቻ ከሆነ ምን አለበት? እያልኩ ነው ያደርኩት።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ልጄ፣ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው። ከሙሉ ሹመቱም ይከፋል።

ለምን መሰለሽ? በጉባኤ የተመረጠ ገንዘብ ያዥ ርክክብ አለው። የቀድሞው፣ አዲሱና አንድ የኮሚቴ አባል ቁጭ ይላሉ። በእጅ ያለው ብር ይቆጠራል። የባንኩ ሒሳብ በዚያ ቀን ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ያልተሠራባቸው ደረሰኞች ከስንት ቁጥር እስከ ስንት እንደሆኑ ይመዘገባል። ያልከፈሉ አባላት ዝርዝር ይያያዛል። ሦስቱም ይፈርማሉ። ከዚያ ቀን በፊት የጎደለ ያንቺ አይደለም።

«ለጊዜው ያዢ» ሲሉ ግን ማን ያስረክብሻል? ደብተሩንና ቁልፉን በፌስታል ያመጡልሻል። ባለፈው ዓመት ወሬ ነበረ ብለሻል። ያ ወሬ ከደብተሩ ጋር አብሮ ወደ ቤትሽ ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ ስትመልሺ «ካንቺ ጋር እያለ ጎደለ» ይባላል፤ የምታሳዪው ወረቀት የለሽም።

ከስብሰባው በፊት ማገዝ ከፈለግሽ ርክክቡን አዘጋጂላቸው። አባትየው ሲያስረክቡ ተገኝተሽ ቆጠራውን ጻፊ፤ ተረካቢው ግን ጸሐፊው ወይም ዳኛው ይሁን። እሱም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ለአባትየውም ክብር ነው፤ ስማቸው ነጽቶ ይወርዳሉ።

ሐይቅ ዳር

ይሄኛው ላይ ጋሼን እስማማለሁ። አባትየውን በንጹህ ስም ማሰናበት ትልቅ ነገር ነው። እሱን ካደረግሽ እኔ የምለው የለኝም። በገንዘብ ያዥነቱ ላይ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። የተማረ ሰው ካለ እሱ ነው መያዝ ያለበት።

ከጅዳ

ወገኖቼ፣ አሁን ገባኝ። መጀመሪያ ሳላነብ ነው የመለስኩት። አንድ ልጠይቅ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላግዝ? የቅሬያችን ሰዎች ሁሌ «የጅዳ ተጠሪ ሁን፣ ከዚያ ያሉትን ሰብስብልን» ይሉኛል። ሰው ማስከፈል አልችልም፤ ስልክ የማያነሳው ብዙ ነው።

የኮምቦልቻ እናት

ወንድሜ፣ ያንተን እንኳ ለብቻ ጠይቅ፤ እዚህ ይጠፋብሃል። ለጊዜው ግን የራስህንና የወንድምህን የዓመት መዋጮ በአንድ ጊዜ ቀድመህ ላክ። ወንድምህን በየወሩ ከመሯሯጥ ታድነዋለህ፣ ተጠሪ ሁን ሲሉህም «የኔን ጨርሻለሁ» ትላለህ።

የሆጤዋ

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዳኛውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ለጊዜውም ቢሆን አልይዝም» አልኳቸው። «ግን እሑድ አባትየው ሲያስረክቡ እኔ ቆጠራውን እጽፋለሁ፤ ተረካቢው ጸሐፊው ይሁን» አልኩ። ትንሽ ከበዳቸው። እሺም እምቢም አላሉም፤ «እንግዲህ እሑድ ነይ» ብለው ሄዱ።

ሌላ ሰው አስበዋል መሰለኝ። ሱቅ ያላት አንዲት ጎረቤታችን አለች፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት፣ ሌሊትም ቤቷ ቅርብ ነው። ጽሑፍ ትችላለች፣ መዝገብ ግን ይዛ አታውቅም። እሷ እሺ ካለች የመጀመሪያውን ወር አብሬያት ተቀምጬ አሳያታለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፣ ይህ ከድንበሬ መውጣት ነው?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

አንድ ወር ብለሽ ከጀመርሽ አይደለም። እስክሪብቶውን ግን እሷ ትያዝ። አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ ተናገሪ፤ እሷ ትጻፍ። አንቺ ከጻፍሽላት በሁለተኛው ወርም ትጠራሻለች።

ቧንቧ ውሃ

ስብሰባው ላይ አንዱ ተነስቶ ስምሽን ቢጠራስ? ዳኛው ባያነሱሽም ሌላ ሰው ማንሳት ይችላል እኮ። ያኔ ቅጣቱ አለ።

የሆጤዋ

እሱን ነው የምፈራው። ደንቡን ከጸሐፊው ጠይቄያለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሊሰጠኝ ነው። ስለ ጥቆማ ምን እንደሚል አይቼ እዚሁ እጽፋለሁ።